ስድብ የሚመዘንበት ወንበር

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ውሃ ስላልመጣ ከባልዲው ቀድቼ ተጣጠብኩ። ሻይ አፈላሁ፤ ልብስ እስክለብስ ቀዘቀዘ፤ እንደቀዘቀዘ ጠጣሁት። የበረንዳውን በር ዘጋሁ፣ የውጪውን በር ሁለት ጊዜ ቆለፍኩ፣ ከገርጂ ታክሲ ይዤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ ደረስኩ። ሊፍቱ ስለማይሠራ አራቱን ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ሦስተኛው ላይ ቆሜ ትንሽ አረፍኩ፤ ሁልጊዜም የማርፈው እዚያ ነው።

በራችን ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። «ሥራ ላይ ነን። የሚሰማዎት ስድብ እርስዎን አይመለከትም።» የጻፈው ዳኛቸው ነው። ጎረቤታችን የጥርስ ሐኪም ናቸው። አንድ ቀን አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ታካሚያቸው በግድግዳው በኩል ስድብ ሰምቶ፣ እሱን የሰደቡት መስሎት ተቆጥቶ ሳይታከም ሄዶባቸው ነበር። ወረቀቱ የተለጠፈው በማግስቱ ነው። ዳኛቸው ከሞተ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው፤ ወረቀቱን ማንም አላነሣውም።

ሥራችን የውጭ ፊልሞች ላይ ከሥር የሚነበበውን አማርኛ ማዘጋጀት ነው። ዳኛቸው ዋና ተርጓሚ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ኮሌጅ ውስጥ ቋንቋ አስተምር ነበር፤ ወደዚህ ቢሮ የመጣሁት እሱ ከሞተ በኋላ፣ የቢሮው ኃላፊ አንዷለም ቤቴ ድረስ መጥቶ «አራሚ ያስፈልገናል» ሲለኝ ነው። ባሌ አሥራ አንድ ዓመት የዋለበትን ክፍል ያወቅሁት እሱ ከሌለ በኋላ መሆኑ ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛው ባዶውን ነበር። ማንም አልተቀመጠበትም።

ፌናን ግን ከእሱ ጋር ሦስት ዓመት ሠርታለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫው የምትሠራውም እሷ ናት። የተሰበረውን ጎኑን ዳኛቸው በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎታል። ሴኮንድ ስትቆጥር በቀለበት ጣቷ ጠረጴዛውን ትመታለች። በአውራ ጣትም፣ በአመልካች ጣትም አይደለም። እንደዚያ የሚቆጥር ሰው በሕይወቴ ያየሁት አንድ ነው።

«ጋሽ ዳኜ እንዲህ ይሉ ነበር» ማለት ታበዛለች። ክፋት የለባትም። እኔ ራሴን ነቅንቄ ሥራዬን እቀጥላለሁ። በልቤ ግን እቆጥራለሁ፤ ሦስት ዓመት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት። ከእኔ ጋር ራት ላይ ከተቀመጠባቸው ሰዓቶች ጋር አወዳድሬውም አውቃለሁ። ውጤቱን አልናገርም።

ዓርብ ጠዋት የመጨረሻ ክፍሉን የማርመው ፊልም ፌናን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የተረጎመችው ነበር። ሰኞ ስድስት ሰዓት ለደንበኛው ይላካል። አንዷለም ከወር በፊት በሁላችንም ፊት ነግሯታል፤ በፊልሙ ውስጥ ሦስት የክብደት ስህተት ካልተገኘባት በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ የእሷ ነው። ከተገኘባት ሌላ ዓመት ከሰው ሥር ትሠራለች። እስከ ዓርብ ሁለት ስህተት ይዤባት ነበር። ሁለቱም እውነተኛ ስህተት ነበሩ። ዳኛቸውም ይይዛቸው ነበር።

የክብደት ስህተት የምንለው ስድብ ላይ ነው። በውጭው ቋንቋ የተባለው ስድብ ስንት እንደሚከብድ ይታወቃል፤ አማርኛው ከዚያ ሊቀልም ሊከብድም አይገባም። ደንበኛው ፊልሙ ለአዋቂ ነውና ምንም አታለሳልሱ ይላል። ግን ደግሞ የተጻፈ ስድብ ከተነገረው ይብሳል፤ ተዋናዩ ሲለው ጆሮ ላይ የሚያልፈው፣ ስክሪን ላይ ሲጻፍ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ያስጎነብሳል። ስለዚህ ዳኛቸው አራት ክብደት አበጀ። አንድ፣ ሕፃን ፊት የሚባል። ሁለት፣ ታክሲ ውስጥ የሚባል። ሦስት፣ ትልቅ ሰው ሲገባ የሚቋረጥ። አራት፣ ከተባለ በኋላ ሰው ዝም የሚልበት።

ክብደቱ የሚታወቀው በወረቀት አይደለም። ክፍሉ መሀል አንድ የእንጨት ወንበር አለ። መዛኙ እዚያ ይቀመጣል፤ ተርጓሚው ፊት ለፊቱ ቆሞ ስድቡን ለእሱ ይለዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይስቅ። መዛኙ ሳያስብ ቁጥር ይጠራል። የተጠራ ቁጥር አይለወጥም፤ ስድቡም ሁለት ጊዜ አይመዘንም፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ጊዜ ሁልጊዜ ይቀላል። ይህም የዳኛቸው ሕግ ነው። ከእሱ በኋላ መዛኟ እኔ ነኝ።

ፊልሙ ላይ ካርላ የምትባል ሴት አለች። ባሏ የሟች አባቷን ጀልባ ሳይነግራት ሸጦታል። ወደቡ ላይ ትመጣለች፣ ጀልባው የነበረበት ውሃ ባዶ ነው። ቤት ተመልሳ በረንዳው ላይ ታገኘዋለች። አርባ ስምንት ሴኮንድ ውስጥ አንዱን የብልግና ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ትጠራዋለች። እንዲህ ያለውን ለጀማሪ መስጠት አይመከርም። ጀማሪ አሥራ አንዱንም ሊተረጉም ይሞክራል፤ አማርኛው ውስጥ ግን ያ ቃል እንደ ጨው የሚነሰነስ አይደለም። በዚያ ላይ ተመልካቹ በሴኮንድ ከአሥራ አንድ ፊደል በላይ ማንበብ የለበትም። ካለፈ ፕሮግራሙ መስመሩን ቀይ ያደርገዋል።

ፌናን አሥራ አንዱን ሦስት አድርጋቸዋለች። ስምንቱን ትታ ንግግሩን ቆራጣ አደረገችው። «ሸጥከው? የአባቴን ጀልባ? በስንት?» ስድብ የለበትም፤ ሲነበብ ግን ጥርስ ያስነክሳል። ሁለቱን ትንንሽ ስድቦች መሀል ላይ አስቀመጠች። ትልቁን ለመጨረሻው ያዘችው። ካርላ ሁለት እርምጃ ወደ ባሏ ትጠጋለች፣ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ትለዋለች። ጽሑፉ የሚወጣው ከንፈሯ ሲከፈት እንጂ ስትጠጋ አይደለም፤ ቀድሞ ቢወጣ ስድቡ ይከሽፋል። ሰዓቱን በትክክል ይዛዋለች። መስመሩ ስክሪን ላይ የሚቆየው አንድ ሴኮንድ ከሁለት አሥረኛ ነው።

«አንተ የጅብ ቅርሻት።»

ፊልሙን አቆምኩት። ፊደሎቹን ቆጠርኩ። ክፍት ቦታዎቹና አራት ነጥቡ ታክለው አሥራ ሦስት። ልክ ይገባል። መስመሩ አረንጓዴ ነበር። ቀይ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ይህ ቃል በመንገድ አይባልም። መጽሐፍ ላይ አይገኝም። ይህን ቃል የማውቀው ከአንድ አፍ፣ በአንድ ቤት፣ ጠዋት ጠዋት ነው። «ተነሺ አንቺ የጅብ ቅርሻት፣ ሻዩ ቀዘቀዘ።» ዳኛቸው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በር ላይ ቆሞ እንዲህ ይለኝ ነበር። እኔም ትራሱን እወረውርበት ነበር። ስለዚህ ነገር ለእህቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም።

የጆሮ ማዳመጫዬን አውልቄ ፌናንን አየኋት። በቀለበት ጣቷ ጠረጴዛውን ትመታ ነበር።

«ፌናን፣ የካርላን እንመዝነው» አልኳት።

«አሁን? እሺ እትዬ ወይንሸት።» ተነሣች። ቀሚሷን አስተካከለች። እንደ ፈተና ተማሪ።

አንዷለም ከወዲያ ጥግ ወንበሩን አዞረ። «ዛሬ ማን ሊሰደብ ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«በሉ ቀስ። ዶክተሯ ዛሬ ጥርስ የሚነቅሉላቸው ሰው አላቸው፤ ሰውዬው ቂም ይዞ እንዳይነቀል።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፌናን ፊቴ ቆመች። በሌላ ጊዜ ሁሉ ለእኔ አንቱ ትላለች፤ እዚህ ወንበር ላይ ግን አንቱታ የለም። ሁለት እርምጃ ጠጋ አለች፣ እንደ ካርላ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንቺ የጅብ ቅርሻት።»

ጆሮዬ ላይ የገባው ቃሉ ብቻ አልነበረም። ከሱ ጋር በሩ፣ ፎጣው፣ ሻዩ ገባ። ለእሷም ብሏታል ማለት ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ፣ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሰምታዋለች። እኔ ቤት ውስጥ የኔ ብቻ መስሎኝ ስይዘው፣ እሱ እዚህ አምጥቶ ሰጥቷታል።

«አንድ» አልኩ።

ፌናን ዓይኗን አፈጠጠች። «ስንት?»

«አንድ። ሕፃን ፊት የሚባል ነው።»

«እኔ እዚህ ተቀምጬ ጆሮዬ ጋለ» አለ አንዷለም። «ማናት ይቺ ሕፃን? እንዳላውቃት።»

«የተጠራ ቁጥር አይለወጥም» አልኩት። «ሕጉ የኔ አይደለም።»

አንዷለም ወንበሩን መልሶ አዞረ። በዚያ ቢሮ ሕጉ የማን እንደሆነ ስጠራ ሁሉም ዝም ይላል። ይህን አውቄ ነው የተናገርኩት።

ፌናን ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «በምን ልተካው ታዲያ?»

«‹አንተ የማትረባ› በዪው። አሥር ፊደል ነው፣ ይገባል።»

«እትዬ ወይንሸት፣ የአባቷን ጀልባ እኮ ነው የሸጠባት። ‹የማትረባ› ብላው ቁርሱን ታቅርብለት?»

«ከየት አመጣሽው ያንን?»

«ከጋሽ ዳኜ ዝርዝር። ኮምፒውተሩ ላይ ትተውልኝ የሄዱት። አራት ነው የሚለው እዚያ።»

«ማን ነው የመዘነው?»

«እሱን አይልም። ቁጥሩ ብቻ ነው ያለው።»

«መዛኝ የሌለው ቁጥር አይቆጠርም» አልኳት። ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ሦስተኛውን ስህተት መዘገብኩ። ፌናን መስመሩን ቀየረችው። ቀን ሙሉ አልተናገረችኝም፤ ማታ ስትወጣ ግን እንደ ሁልጊዜው «ደህና ይደሩ» አለችኝ። የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ ጠቅልላ፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን ጠረጴዛ ሳታይ አለፈች። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ልብስ አጠብኩ። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የዳኛቸውን መሳቢያ ከፈትኩ። መነጽሩ አለ፣ የቆሙ ሁለት ሰዓቶች አሉ፣ ከሥር ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ደብተር አለ። ዝርዝሩን መጀመሪያ የሚጽፈው በእጁ እንደነበር አውቃለሁ፤ ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው በኋላ ነው። ደብተሩን እስከዚያ ቀን ድረስ ገልጬው አላውቅም። ለምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ያን ቀን የገለጥኩት የፌናንን ስም ፍለጋ ነው።

አራት ዓምድ አለው። ስድቡ፣ የፊደሉ ቁጥር፣ ክብደቱ፣ ከማን። አራተኛው ዓምድ ኮምፒውተሩ ላይ አልገባም። እንዲህ እንዲህ ይላል፦ «የታክሲ ረዳት፣ ሜክሲኮ»፤ «ሁለት ሴቶች፣ ወፍጮ ቤት»፤ «ዶክተሯ፣ ስለ ጩኸቱ ሲያማርሩ፣ 2»። በዚህኛው ሳልፈልግ ፈገግ አልኩ። ከዚያ «ፌ» የሚል አገኘሁ። ሌላ «ፌ»። ብዕር ይዤ መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ሦስት ጊዜ አለች። የኔን ፈለግሁ፤ «ወ» የሚል። ስድስት ብቻ ነኝ።

ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ ስድስት። ደብተሩን ዘጋሁት። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ወጥቼ ልብሱን ከገመድ ላይ ሰበሰብኩ። ተመልሼ ገለጥኩት፤ አሁን ግን ሦስተኛውን ዓምድ አየሁ።

ከፌናን ሃያ ሦስቱ የሃያ ሁለቱ ክብደት አንድና ሁለት ነበር። ሦስት ያላት አንዲት ብቻ ናት፤ ከጎኗ «ጮኻ ስላለችው ይሆናል» ብሎ ጽፎባታል። የኔ ስድስቱም አራት ናቸው።

ከስድስቱ አምስተኛው እንዲህ ይላል፦ «የጅብ ቅርሻት። 8። 4። ወ፣ ኩሽና፣ ሐምሌ 11። ራት አልበላሁም።»

ሐምሌ አሥራ አንድ የእናቴ አርባ ነበር። ዳኛቸው አልመጣም። ሥራ ሊያስረክብ ነበር፤ ስድስት ሰዓት እደርሳለሁ ብሎ፣ የደረሰው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። ኩሽና ውስጥ የእንግዳ ሳህን ቆልዬ ቆሜ ነበር። በሩ ላይ ሲቆም አየሁት፣ አልኩት። ቃሉን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ከዚያ በፊት ብዬውም ሰምቼውም አላውቅም። እሱ ምንም አልመለሰም። እጅጌውን ሰብስቦ ሳህኖቹን አጠበ፣ አጥቦ ሲጨርስ ተኛ። ራት መብላት አለመብላቱን አልጠየቅሁም።

ይህን ሁሉ ረስቼዋለሁ ማለት አልችልም። ሳህኑን አስታውሳለሁ። አርባውን አስታውሳለሁ። ቃሉ የኔ መሆኑን ነው የረሳሁት። ያስቀመጥኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ብቻ ነበር፤ ጠዋቱን፣ ፎጣውን፣ ቀልዱን። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደጀመረው እንኳ አላሰብኩም ነበር። አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ መልሶ ለእኔው አለኝ፤ ሳቅኩ። በማግስቱም አለኝ። ከዚያ የቤታችን ነገር ሆነ።

ደብተሩ ላይ ከ4 ጎን በእርሳስ የተጻፈ ነገር ነበር። ጽሑፉ ደብዝዟል፤ ወደ መስኮቱ ወስጄ አነበብኩት። «3፣ መስከረም።» ከዚያ «2፣ ጥር።» ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና «2።»

ሁለት ጊዜ አይመዘንም ያለው ሰው አራት ጊዜ መዝኖታል። ጠዋት ጠዋት ሲለኝ እያቀለለው ነበር። እኔ ትራስ ስወረውርበት እሱ ቁጥር ይጠራ ነበር።

ገጹን እስከ መጨረሻው አየሁት። 1 የለም። እኔ ዓርብ ዕለት የጠራሁት ቁጥር፣ እሱ አልደረሰበትም።

ሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ነበርኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አላረፍኩም። ፌናን ቀድማኝ ገብታለች፤ ሳምቡሳ በወረቀት ይዛ ኮምፒውተሩን እያስነሳች ነበር።

«ይብሉ፣ ትኩስ ነው» አለችኝ። አሁንም በአንቱታ።

«በኋላ። ተነሺ፣ የካርላን ድገሚልኝ።»

«ተመዝኗል እኮ።»

«ዓርብ ዋሽቻለሁ።»

ሳምቡሳውን አስቀመጠች። እጇን በወረቀቱ ጠረገች። ምንም አልጠየቀችኝም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ። አንዷለም በሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቦርሳውን ይዞ ቆሞ ቀረ።

«ሁለት ጊዜ አይመዘንም ብለሽ አልነበር?» አለኝ።

«ሕጉን ያወጣው ሰውም አፍርሶታል። ማስረጃ አለኝ።»

«የት?»

«ቤት።»

«ቤት ያለውን ማስረጃ ማን ይከራከረዋል» ብሎ ቦርሳውን አስቀመጠ። «በሉ። ዶክተሯ ገና አልገቡም፣ እንደፈለጋችሁ ተሰዳደቡ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፌናን ፊቴ ቆመች። ግን ሳትጠጋ ቀረች።

«ምነው?»

«ያስፈራል» አለች። «ዓርብ ፊትዎን አይቼዋለሁ። አንድ ሲሉኝ ፊትዎ አንድ አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን አልተከራከርሽኝም?»

«የእሳቸውን ሕግ ጠሩብኝ። በሱ ላይ ምን እላለሁ?»

እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኋት። ሁለት እርምጃ ጠጋች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ አለችው።

ሁለተኛው ጊዜ ሁልጊዜ ይቀላል የተባለው ትክክል አይደለም። በዚህኛው ጊዜ በሩ ላይ የቆመው ሰው ፎጣ አልያዘም ነበር። ሐምሌ ነው፣ ጫማው ርሷል፣ ሳህኑን የያዝኩት እኔ ነኝ።

«አራት» አልኩ።

ማንም አልተናገረም። አራት ማለት ይኸው ነው። በመጨረሻ አንዷለም ጉሮሮውን ጠርጎ «ልመዝግበው?» አለ።

«መዝግበው። ሦስተኛውን ስህተት ሰርዝ። የመዛኝ ስህተት ብለህ በኔ ስም አድርገው።»

ፌናን ወደ ኮምፒውተሯ ሄዳ መስመሩን መለሰችው። አሥራ ሦስት ፊደል፤ አረንጓዴ። ሰዓቱን እንደገና አየችው፤ የካርላ ከንፈር ሲከፈት ይወጣል፣ ባሏ ዓይኑን ሲሰብር ይጠፋል። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ተናገረች።

«እኔ ይሄን ቃል በጣም እወደው ነበር። አንድ ጊዜ ልሞክርብዎ ብዬ ጋሽ ዳኜን ወንበሩ ላይ አስቀምጫቸው ነበር። ከአፌ ሳይወጣ ተነሡ። ‹ይሄ ተመዝኗል፣ የሚመጥነው ፊልም እስኪመጣ ይቀመጥ› አሉኝ። ሌላውን ሁሉ ስሰድባቸው ይውሉ ነበር፤ ይስቁብኛል እንጂ አይከፋቸውም። ‹አንቺ እኮ መሳደብ አትችዪም፣ ማን ያስተምርሻል› ይሉኝ ነበር።»

«ለአንቺ ብሎሽ አያውቅም?»

«ምኑን?»

«ይህንኑ።»

«ኧረ በጭራሽ። ለምን ይሉኛል?»

ሳምቡሳውን አንሥቼ ቆረስኩ። ቀዝቅዟል። በላሁት።

«እሳቸው ከማን እንደሰሙት ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ከአንድ ሴት። እናቷን በቀበረች ሰሞን።»

ፌናን ዞር ብላ አየችኝ። ያኔ የገባት ይመስለኛል። ግን የዳኛቸው ተማሪ ናትና፣ የትኛው ቃል ሳይጻፍ ቢቀር እንደሚሻል ታውቃለች። ጠረጴዛውን በቀለበት ጣቷ መታ መታ አደረገችና አቆመች። «ፋይሉን ልላከው?» አለች።

«ላኪው።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተላከ። ከሰዓት በኋላ አንዷለም በመስኮቱ በኩል ያለውን ጠረጴዛ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለው። እንደ ሠርግ ዕቃ አጓጓዥ እያለከለከ የፌናንን ኮምፒውተር ተሸክሞ አሻገረው። «ጋሽ ዳኜ እዚህ ሲቀመጡ ዘበኛው ከታች ሰላም ይላቸው ነበር፤ አንቺም ተለማመጂ» አላት። እሷ ከመቀመጧ በፊት ወደ እኔ አየች። በእጄ ወንበሩን አሳየኋት። ተቀመጠች። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ቅናቱ አልለቀቀኝም። ለቀቀኝ ብል አሁንም መዋሸት ይሆንብኛል። እሱ በዚያ ብርሃን ውስጥ ተቀምጦ ሲስቅ ያየችው እሷ ናት፤ እኔ አላየሁትም። ግን ቅናቴን አሁን በልኩ መመዘን እችላለሁ። ሁለት ነው። በመጥፎ ቀን ሦስት።

ደብተሩን አልሰጠኋትም። የኔ ነው።

ፊልሙ ከሁለት ወር በኋላ ወጣ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን አየሁት። ካርላ በረንዳው ላይ መጣች። ሁለት እርምጃ ተጠጋች። መስመሩ ወጣ፤ አንድ ሴኮንድ ከሁለት አሥረኛ ቆየ፤ ጠፋ። ባሏ መሬት መሬት ያያል። ፊልሙን ወደ ኋላ አልመለስኩትም። አንድ ጊዜ በቂ ነው።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ውሃ መጥቶ ነበር። ሻይ አፈላሁ፤ ልብስ እስክለብስ ቀዘቀዘ። መቀዝቀዙን የሚነግረኝ የለም።